ካልሲየሜ ከፍ ብሏል ተባልኩ፣ ካንሰር ይሆን?

«ዶክተር፣ 52 ዓመቴ ነው። ከ3 ወር በፊት ለቼክአፕ ደም ሰጥቼ ካልሲየምሽ 11.2 ነው ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ ጤነኛው እስከ 10.5 ነው ይላል። ሐኪሙ ፒቲኤች የሚባል ምርመራ ጽፎልኝ ነበር፤ ፈርቼ አላሠራሁትም። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ካንሰር ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተትና አይብ ትቻለሁ። ለአጥንቴ ግን ጎረቤቴ የነገረችኝን የ50 ሺውን ቫይታሚን ዲ በየሳምንቱ እውጣለሁ። የደም ግፊት ኪኒንም አለኝ። ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። ምን ይሻለኛል?»
አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ

ከፍርሃትዎ ልጀምር። ካንሰር ካልሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያነበቡት ውሸት አይደለም። ግን ብዙውን ጊዜ ይህ የሚመጣው በሽታው ገፍቶ ከሄደ በኋላ ነው። ሰውዬው ከስቷል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ መታመሙም ቀድሞ ታውቋል። ቁጥሩም በሳምንታት ውስጥ እየተመነጠቀ 13 እና 14 ይደርሳል። ምንም ሳያማት ለቼክአፕ ብላ 11.2 የተገኘባት ሴት ስትመጣ እኔ መጀመሪያ የማስበው ሌላ ነገር ነው። እቤት የቆየ የላብራቶሪ ወረቀት ካለ ይፈልጉት። ከ2 ዓመት በፊትም 10.9 ከነበረ ትልቅ እፎይታ ነው። ካንሰር እንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ዓመታት ቆሞ አይጠብቅም።

መጀመሪያ የማስበው ፓራታይሮይድ የሚባሉትን ዕጢዎች ነው። አንገታችን ውስጥ፣ ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉ አራት ዕጢዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። የሚያመነጩት ሆርሞን ፒቲኤች ይባላል። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞኑ ይጨምርና ካልሲየም ከአጥንት ያወጣል፣ በሽንት የሚወጣውንም ይቀንሳል። ካልሲየም ሲበዛ ሆርሞኑ ይቀንሳል።

ሮቶ ውስጥ ያለችውን ኳስ ያስቧት። ውሃው ሲሞላ ከፍ ብላ ቧንቧውን ትዘጋለች። ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ቧንቧው ካልተዘጋ ጥፋቱ የኳሷ ነው። ኳሷ ጥርቅም አድርጋ ዘግታም የሚፈስ ከሆነ ግን ውሃው በሌላ በኩል እየገባ ነው። የፒቲኤች ምርመራ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ካልሲየም ከፍ ብሎ ፒቲኤች በጣም ዝቅ ካለ፣ ለምሳሌ ከ20 በታች ከሆነ፣ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። የተደበቀ ካንሰርም ሆነ ቲቢ የምንፈልገው ያኔ ነው፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ዲም እዚሁ ውስጥ ነው። ፒቲኤች ከፍ ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ከዕጢዎቹ አንዷ አድጋ፣ ሳትታዘዝ ሆርሞን እያመነጨች ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቷ ዕጢ በአብዛኛው ካንሰር አይደለችም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መሀል ላይ ያለውን ውጤት ሲያነቡ ነው። አንዲት ታካሚ ካልሲየሟ 11.4፣ ፒቲኤቿ 58 ሆኖ መጣ። ወረቀቱ ከ15 እስከ 65 ጤነኛ ነው ስለሚል «ኖርማል ነው» ተብላ ተሸኝታለች። ኖርማል አልነበረም። ካልሲየሟ 11.4 እያለ ዕጢዎቿ ጭጭ ማለት ነበረባቸው፤ 58 ማለት ገና እየሠሩ ነው ማለት ነው። የኩላሊት ጠጠር አጣድፏት ስትመለስ ነው ነገሩ የታየው። ስለዚህ ፒቲኤች ብቻውን አይነበብም። ከካልሲየም ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ደም ይሠራ።

አሁን ወደ ወተቱ። ይህን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ «ካልሲየም በዛ» ሲባል ሰው ሁሉ ወተት ላይ ይነሳል። ዕጢዎቹ ናቸው ካልን በደምዎ ውስጥ የበዛው ካልሲየም ከብርጭቆ የመጣ አይደለም። ከአጥንትዎ እየተነቀለ ነው። ወተቱን ሲተዉ ዕጢዋ «እሺ» ብላ አትቆምም፤ እንዲያውም ከምግብ የሚገባው ሲቀንስ ሆርሞኑን ልትጨምርና አጥንቱን የባሰ ልትበላ ትችላለች። ሁዳዴን ሙሉ ወተት ሳይቀምሱ የሚቆዩ ታካሚዎች አሉኝ። ከፋሲካ በፊትም በኋላም ስንለካ ያው ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ማኪያቶ ትቶ የዳነ ሰው አላየሁም። አይብ ትቶ፣ ጎመን ትቶ፣ ጤፍ ካልሲየም አለው ሲባል እንጀራ እስከመቀነስ የደረሰ ግን አይቻለሁ። እንደ ወትሮዎ ይብሉ። ወተትም ይጠጡ፤ ልክ ባለው መጠን ወተት ማንንም እዚህ ቁጥር ላይ አያደርስም። የሚተዉት የካልሲየም ኪኒን ካለ እሱን ነው።

እና ይህን ሁሉ ወተት እየሸሹ 50 ሺህ ቫይታሚን ዲ በየሳምንቱ ይውጣሉ! ቫይታሚን ዲ እኮ አንጀት ካልሲየም እንዲመጥ የሚያደርግ ነው። ስብ ውስጥ ስለሚከማች ሲበዛ ቢያቆሙትም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ጎረቤትዎ መልካም ሴት ይሆናሉ፤ የእርስዎን ካልሲየም ግን አላዩም። ዛሬ ያቁሙት። ቫይታሚን ዲ በደም ይለካ። ካነሰ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ፣ ካልሲየሙን እየተከታተለ ይሰጥዎታል። የግፊት ኪኒኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ማሸጊያው ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚል ካለ ይዘው ይሂዱ፤ እሱም ካልሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሙ በሌላ ሊተካው ይችላል።

ሦስት ወር ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ግን አልገባኝም። የፈሩት ነገር ካለ ወረቀቱን መደበቅ አያጠፋውም፤ ከሌለም በነጻ ነው የተጨነቁት።

በዚህ ሳምንት ካልሲየሙ፣ በደም ውስጥ ካልሲየም ከሚሸከመው ፕሮቲን ከአልቡሚን ጋር ይደገም። ክንድዎ ረጅም ጊዜ ታስሮ ደም ከተቀዳ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል። አልቡሚን ከ4 በታች ከሆነ ደግሞ እውነተኛው ካልሲየም ወረቀቱ ላይ ካለው ይበልጣል። ከዚያው ደም ፒቲኤች፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒንና ቫይታሚን ዲ ይሠራ። የአንገት አልትራሳውንድ ለማንሳት አይቸኩሉ። እሱ ዕጢዋ የት እንዳለች ለቀዶ ሐኪሙ ያሳያል እንጂ በሽታው መኖሩን አይወስንም።

ፒቲኤች ዕጢዎቹን ካመለከተ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም ይለካል፤ ምክንያቱም ቀዶ ጥገና የማያስፈልገው በዘር የሚወረስ ዓይነትም አለ። የኩላሊት አልትራሳውንድና የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ይታከላል። ጠጠር ካለ፣ አጥንት ከሳሳ፣ ኩላሊት ከደከመ ወይም ካልሲየሙ ከጣሪያው ከ1 በላይ ካለፈ ዕጢዋን በቀዶ ማውጣት ይመከራል። የእርስዎ ቁጥር ያለፈው በ0.7 ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ በዓመት አንዴ እየለኩ መከታተልም ይቻላል።

እስከዚያው ውሃ አይለይዎት። የማይጠፋ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ ማስታወክ፣ ድብታ ወይም የንግግር መዘባረቅ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነም ከምርመራው 3 ቀን በፊት ያቁሙ፤ በአንዳንድ ማሽኖች ፒቲኤችን ሐሰተኛ ዝቅ አድርጎ ያሳያል።