ስለ ሥራ አጥነት ጠይቁ፤ መምህሩ ዛሬ ማታ አሉ

ከሜክሲኮ፦ መምህር፣ ሥራ አጥነት ለምን በዛ?

መምህሩ፦ የት? መቼ? ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር? አስተካክለህ ጠይቅ።

ከአራት ኪሎ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ስምንት ወሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ነኝ። የኔ ፍሪክሽናል ነው መዋቅራዊ?

መምህሩ፦ አንቺን ብቻ አይቼ መፍረድ አልችልም። ክፍት ቦታውን ሳትቆጥሩ ዓይነቱን አትበይኑ። ይህን ዛሬ ሳልደጋግመው አልቀርም። ለሂሳብ ሠራተኛ ክፍት ቦታ እያለ ካልተገናኛችሁ ፍሪክሽናል ነው። ቦታ ኖሮ የሚፈለገው ሌላ ሙያ ከሆነ መዋቅራዊ ነው። ገበያው ቀዝቅዞ በየሙያው ቅጥር ከቆመ ደግሞ ሳይክሊካል ነው።

መገናኘትም ወጪ አለው። ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ሞክረውታል። ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ወደ መሀል የሚመጡበትን የትራንስፖርት ሂሳብ ከፈሉላቸው። ለሌሎቹ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አሳዩአቸው፤ ፈትነውም የችሎታ ማስረጃ ሰጧቸው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን የተሻለ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የገቢ ልዩነት የታየው ሥልጠናና ማስረጃ ባገኙት ላይ ነው። ታክሲው ሰሌዳው ድረስ ያደርስሻል፤ ቀጣሪው እንዲያምንሽ ግን አያደርግም።

ከካዛንቺስ፦ የሥራ አጥነት ተፈጥሯዊ ምጣኔ ማለት ሳይክሊካሉ ዜሮ ሲሆን የሚቀረው ነው አይደል? ታዲያ የማይነካ ነገር ከሆነ መንግሥት ምን ያደክመዋል?

መምህሩ፦ የመጀመሪያው ልክ ነህ፤ ሁለተኛው ላይ ሳትክ። በደንብ ላስረዳ፣ ይህ የኔ ጉዳይ ነው።

ሥራ ያለውና ሥራ ፈላጊው ተደምሮ 100,000 ሰው ያለበት ከተማ አስብ። በደህናው ጊዜ በየወሩ ሥራ ላይ ካሉት 1 በመቶው ይለቃሉ ወይም ይባረራሉ። ሥራ ከሌላቸው ደግሞ 19 በመቶው ያገኛሉ። 95,000 ሰው ሥራ ላይ ከሆነ 950 ይወጣል። ከ5,000ው ሥራ አጥ 950 ይገባል። የወጣውና የገባው እኩል ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 5 በመቶ ላይ ይረጋል። ሰዎቹ ይቀያየራሉ እንጂ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ተፈጥሯዊ ምጣኔ የምንለው ይህን ነው።

አሁን ከሚለቁት ሳንነካ፣ የሚያገኙትን ብቻ ከ19 ወደ 9 በመቶ አውርድ። ቁጥሩ የሚረጋው 10 በመቶ ላይ ነው። አማካይ ጥበቃውም ከ5 ወር ገደማ ወደ 11 ወር ይረዝማል። ማንም ከወትሮው በላይ አልተባረረም። ፍለጋው ስለረዘመ ብቻ ምጣኔው እጥፍ ሆነ! ታዲያ ፍለጋውን ማሳጠር፣ ሙያ ማሠልጠን ይህን ምጣኔ ዝቅ ያደርጋል። የማይነካ ያልከው ይኸው ተነካ።

ከፒያሳ፦ የኔስ? ሱቁ ሲፈርስ ጫማ ሻጭ ነበርኩ፤ አሁን ቤት ነኝ። መዋቅራዊ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ምኑ ግልጽ ነው? ጫማ መግዛት የተወ ሰው የለም፤ ሱቆቹ ሌላ ቦታ ከፈቱ። ፈልገህ አግኛቸው፤ ፍሪክሽናል ነው።

ከፒያሳ፦ ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት ያፈራሁት ደንበኛስ አብሮ ተዛወረ? አዲሱ ቦታ የሚቀጥረው የቤተሰቡን ልጅ ነው።

መምህሩ፦ ተረጋጉ። ጫማ ቤቶች ሻጭ እየፈለጉ ነው ወይስ አይደለም? ቁጥር ያለው ያምጣ። እስከዚያ ሁለታችሁም እየገመታችሁ ነው።

ከለገሃር፦ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ቢለቅ ሥራ አጥነት ይጠፋል ይላሉ፤ እውነት ነው?

መምህሩ፦ ሳይክሊካሉን ሊቀንስ ይችላል። ከተፈጥሯዊው በታች አስገድደህ ልታቆየው ካልክ ግን የዋጋ ንረቱ እየተፋጠነ ይሄዳል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1967 ባደረገው ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንን ነው። የቀረውን ሌላ ቀን።

ከስታዲየም፦ እና የኛ አገር ተፈጥሯዊ ምጣኔ ስንት ነው? በአጭሩ።

መምህሩ፦ በአጭሩ የለም። በቆጠራ የሚገኝ አይደለም፤ ይገመታል እንጂ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ብዙዎቹ ባለሙያዎች 6 በመቶ አካባቢ ነው ይሉ ነበር። በ2000 ሥራ አጥነቱ 4 በመቶ ደረሰ፤ የፈሩትን ያህል ንረት ግን አልመጣም። በደንብ የሚመዘግቡት እንኳን በ2 የመቶኛ ነጥብ ከሳቱ፣ አንዲት ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ጠርጥሩት።

ከሜክሲኮ፦ መምህር፣ አስተካክዬ መጣሁ። ወንድሜ ሥራ ካጣ ዓመት ሆነው፤ የቱ ዓይነት ነው?

መምህሩ፦ ክፍት ቦታውን ቁጠሩ አልኩ እኮ! ሙያው ምንድን ነው?