ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ብቻ ሲኖር

«ሥራ ከለቀቅኩ ወር ሆነኝ። ስለ መሥሪያ ቤቱ እውነቱን ሪቪው ላይ ልጽፍ ፈልጌያለሁ፤ ግን ክፍላችን ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ብቻ ነን። እዛ የቀሩትን ሳላስጠረጥር፣ የፈረምኩትን የሚስጥር ጥበቃም ሳልጥስ እንዴት ልጻፍ?»

እህቴ፣ እኔ ይህን ያወቅኩት አበላሽቼ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቼ ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ነበርን። በሳምንቱ፣ ንዴቴ ሳይበርድ፣ ሠራተኞች ስለ መሥሪያ ቤታቸው የሚጽፉበት ግላስዶር የሚባል ሳይት ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «የሰኔ ሂሳብ ሲዘጋ እሑድ እሑድ ያስገቡናል። ትርፍ ሰዓት አይከፍሉም። እርጉዝ ባልደረባችንን እንኳ እስከ ማታ 3 ሰዓት ያስቆዩአታል።»

የእኔንም የእሷንም ስም አልጻፍኩም። ግን ያን ዓመት ቢሮው ውስጥ እርጉዝ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ገመናችንን ውጪ ታወሪያለሽ?» አላት። እሷ ስለ ሪቪው የሰማችው ያኔ ነው። ቶሎ አጠፋሁት፤ ስክሪንሹቱ ግን ቀድሞ የቢሮው ቴሌግራም ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገና ስጀምር «አለቃዬ ይህን እኔ እንደጻፍኩት ያውቃል» ብዬ ነው የምነሳው። ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ደግሞ ማወቁ አይቀርም። ሳይቱ ራሱ የሥራ መደብሽን፣ ከተማሽን፣ አሁንም እዛ እንዳለሽና እንደሌለሽ ይጠይቅሻል። እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ ማን እንደሆንሽ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። (ጉግል ማፕ ላይ ከጻፍሽ ደግሞ የአካውንትሽ ስም ራሱ ሊወጣ ይችላል።) ስለዚህ ራስሽን ከመደበቅ በላይ «እኔ ብታወቅ ከእኔ ጋር ማን ይታወቃል?» የሚለው ነው የሚያስጨንቀው።

ሁለተኛ ጊዜ ስጽፍ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህን ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ሰረዝኩት። የእርጉዟን ነገር ሰረዝኩት። ለነገሩ ሕጉ እርጉዝ ሴትን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፤ ታሪኩ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። ግን ታሪኩ የእሷ ነው፣ የምትናገረውም እሷ ናት። «ያስገቡናል» ያልኩትም «እንድገባ ተደርጌያለሁ» ሆነ። «እኛ» ስትዪ እዛ የቀሩትን ሁሉ ሳይጠየቁ አብረሽ ታስፈርሚያቸዋለሽ።

የተረፈው ይህ ነው፦ «የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ በዕረፍት ቀኔ በተደጋጋሚ ሠርቻለሁ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላገኘሁም። ደመወዝ በሰዓቱ ይገባል፣ ሥራውም ያስተምራል።» ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሥራ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበትን ይነግረዋል። ጥሩውንም የጻፍኩት እውነት ስለነበር ነው።

ሚስጥርን በተመለከተ እኔ የምለየው በእኔ ላይ የደረሰውን ከወንበሬ የተነሳ ካወቅኩት ነው። የራሴን ትርፍ ሰዓት አለማግኘቴን የማውቀው እንደ ሠራተኛ ነው። የሌሎቹን ደመወዝ፣ ዕቃው ከውጭ በስንት እንደገባ፣ ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ የማውቀው ግን ፔይሮሉና ፋይሉ እጄ ላይ ስለነበረ ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ቁጣዬ ተገቢ ቢሆንም፣ ሪቪው ላይ አይወጣም። የደመወዝ ወረቀትም ሆነ ኢሜይል ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊ። ውልሽን ደግሞ እንደገና አውጥተሽ አንብቢው፤ ክሊራንስ ስትጨርሺ የፈረምሽው ወረቀት ካለም እንደዚያው። አንዳንዱ የራስሽን ደመወዝ መጠን እንኳ እንዳትናገሪ ያስፈርማል። የአለቃሽንም ስም አትጥሪ። ስለ ድርጅቱ አሠራር መጻፍና አንድን ሰው በስሙ መወንጀል በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

አንድ ሞኝ የሚመስል ነገርም አለ። እኔ ስጽፍ «በነገራችን ላይ» ሳልል አላልፍም፤ ቢሮ ውስጥ ይቀልዱብኝ ነበር። የመጀመሪያው ሪቪዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነበረ። ያንቺን ልማድ ፈልገሽ ሰርዢው።

ለመለጠፍም አትቸኩዪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንና የመጨረሻ ክፍያሽን እስክትቀበዪ ጠብቂ። ሕጉ ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ይላል፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ ጠብቄያለሁ። ሁለት ሦስት ወር ካለፈ ደግሞ ጽሑፉ ከአንቺ መልቀቅ ጋር ወዲያው አይያያዝም።

ያልተከፈለሽ ትርፍ ሰዓት ካለ ግን ሪቪውን ለመለጠፍ መጠበቅሽን ከእሱ ጋር አታደባልቂው። ሪቪው ብር አያስመልስም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እኔ ሪቪው ሳስተካክል የሐምሌዎቹ እሑዶች አመለጡኝ።