«ሐረር ከተማ» ሲፈታ፦ ስለ ባለ ብዙ ቃል አናግራም ጥያቄና መልስ

አማርኛ በማስተምርባቸው ዓመታት የሐረግን ፊደላት አቀያይሮ ሌላ ትርጉም ያለው ሐረግ መሥራት ዋና የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ሆኖ ቆይቷል። ከሐረርና ከድሬዳዋ ለደረሱኝ ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከየት ነው የሚጀመረው? ፊደላቱን በዘፈቀደ ሳገላብጥ ውዬ ምንም አላገኘሁም።

ማገላበጡን ተወውና መቀነስ ጀምር። «ሐረር ከተማ»ን እንውሰድ። የደብተር ልባስ ቆርጠህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል ጻፍ፤ ሐ፣ ረ፣ ር፣ ከ፣ ተ፣ ማ ይሆናሉ። እነዚህን ስድስት ፊደላት በ720 መንገድ መደርደር ይቻላል፤ አብዛኛው ድርድር ግን ቃል ስለማይሆን ሁሉንም መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ይልቁንም የምታውቀውን አንድ ቃል ከፊደላቱ ቋት አውጥተህ ወደ ጎን አስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ብቻ ተመልከት።

የመጀመሪያው ቃል ምርጫ ወሳኝ ነው። ከስድስቱ ፊደላት መካከል በጣም ጥቂት ቃላት ውስጥ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። እዚህ መልሱ «ሐ» ነው። ከዚህ ቋት «ሐ»ን ይዞ ሊወጣ የሚችል እኔ ያገኘሁት ቃል፣ ከራሱ ከ«ሐረር» በቀር፣ «ሐር» ብቻ ነው። ስለዚህ «ሐር» በመጀመሪያ ይወጣና ረ፣ ከ፣ ተ፣ ማ ይቀራሉ። አራቱን አንድ ላይ ስታያቸው «ተማረከ» ወዲያው ይታይሃል፤ «ሐር ተማረከ» ማለት ነው። ከአራቱ «ተማረ»ን ብቻ ብታወጣ ደግሞ «ከ» ብቻዋን ትቀራለች፤ እሷን «ሐር» ላይ ስትለጥፋት «ከሐር ተማረ» ይሆናል።

በተቃራኒው «ማር»ን አይተህ ቸኩለህ ብታወጣ ሐ፣ ረ፣ ከ፣ ተ ይቀራሉ። «ር» ስለሄደች «ሐ» መሄጃ አጣች፤ መንገዱ እዚያው ተዘጋ። አስቸጋሪው ፊደል መውጫ ሲያጣ ከቀሪዎቹ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ ያወጣኸውን ቃል መልስና ሌላ ሞክር።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው ሁልጊዜ ረጅሙን ቃል መጀመሪያ ማውጣት እንደሚሻል ነው። ተሳስቻለሁ?

ግማሹ ልክ ነው። ረጅም ቃል ሲወጣ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ መንገዱ ይሠራ አይሠራ ቶሎ ይታወቃል፤ ከላይ ያለው «ተማረከ»ም በእርስዎ ደንብ ይገኛል። ነገር ግን በመዝገበ ቃላት የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ «ማረከ» እንጂ «ተማረከ» አይደለም። «ማረከ» ሲወጣ ሐ፣ ር፣ ተ ይቀራሉ፤ «ሐር» ይወጣና «ተ» ብቻዋን ትቀራለች። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ተስፋ ይቆርጣል።

የአማርኛ ልዩ ጥቅም ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። አንድ ፊደል ብቻ ሲቀር ከመጣልዎ በፊት ቅጥያ መሆን ይችል እንደሆነ ይመርምሩ። «ተ» ግሡን ተደራጊ ታደርጋለች፤ «ከ»፣ «የ»፣ «በ» እና «ለ» ከፊት ይገባሉ፤ «ማ»፣ «ም» እና «ን» ከኋላ ይለጠፋሉ። በዚህ ሁኔታ «ተረከ» ወጥቶ «ሐር» ሲከተለው የምትቀረው «ማ» ብክነት አይደለችም፤ «ሐርማ ተረከ» ትላለች። «ከተረ»ም እንዲሁ «ሐርማ ከተረ» ይሆናል። አንዷን «ከ» ቦታዋን ብቻ ቢያዛውሯት «ከሐር ተማረ» የነበረው «ሐር ከተማረ» ሆኖ ትርጉሙ ይለወጣል። እኔ እንዲህ ያሉትን ፊደላት እስከ መጨረሻው አልነካቸውም።

ጥያቄ፦ ይህ ከሰምና ወርቅ በምን ይለያል? አያቴ እንዲህ ዓይነት ነገር ይችሉ ነበር።

አያትሽ ይችሉ የነበረው ሌላ ጥበብ ነው። በሰምና ወርቅ ፊደላቱ ከነቅደም ተከተላቸው ይቆዩና ኅብረ ቃሉ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። እዚህ ፊደላቱ ራሳቸው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንድም ሳይጨመር፣ አንድም ሳይቀር።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። የቃላት ዝርዝር አለኝ፤ ፕሮግራሙ ግን አንዴ ምንም አያወጣም፣ አንዴ ደግሞ ራሱን እየጠራ ይቆማል።

ዋናው ሥራ ይህን ያህል አጭር ነው፦

```python
from collections import Counter

def solve(pool, words, start=0):
    if sum(pool.values()) <= 1:
        yield [], "".join(pool)
    for i in range(start, len(words)):
        need = Counter(words[i])
        if not (need - pool):
            for found, left in solve(pool - need, words, i):
                yield [words[i]] + found, left
```

የመጀመሪያው ችግርህ ምናልባት በየቃሉ መጨረሻ ያለው የመስመር መለያ ነው። ፋይሉን ስታነብ `strip()` ካላደረግህ ያ የማይታይ ምልክት እንደ ፊደል ይቆጠራል፤ በቋቱ ውስጥ ደግሞ ስለሌለ የትኛውም ቃል አይወጣም። ሁለተኛው ባዶ መስመር ነው። ባዶ ቃል ከማንኛውም ቋት ይወጣል፤ ቋቱ ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ `RecursionError` እስኪሰጥ ድረስ ያንኑ ይደጋግማል። ባዶዎቹን አስቀድመህ ጣላቸው። ከሐረጉም ክፍት ቦታውን ማውጣት አትርሳ። `start` ያስገባሁት «ሐር» እና «ተማረ»፣ «ተማረ» እና «ሐር» ተብለው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠሩ ነው፤ `left` ደግሞ ያቺን የተረፈች አንድ ፊደል ይዞ ይመጣል። ቅጥያ መሆኗን የምትወስነው አንተ ነህ፤ «ከተማ» እና «ሐር» ወጥተው «ረ» ብትተርፍ ለምሳሌ የትም አትገባም።

ጥያቄ፦ ታፔላ ላይ «ሀረር» ተብሎም ይጻፋል። የቱን ልያዝ?

በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር «ሐ» እና «ሀ» ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ሐረጉ በአንዱ፣ ዝርዝሩ በሌላው ከተጻፈ «ሐር» አይገኝም። እኔ ለፍለጋ ሐን፣ ሀንና ኀን አንድ አድርጌ፣ ሠን ከሰ፣ ፀን ከጸ፣ ዐን ከአ ጋር አጣምሬ እፈልጋለሁ። የተገኘውን ስጽፍ ግን ወደ ተለመደው አጻጻፍ እመልስና ፊደሉ ተቀይሮ ካገኘሁት እጥለዋለሁ። ይህን ጥብቅነት የማይቀበሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ለእነሱ ድምፁ ከገጠመ ይበቃል። ሁለቱም ደንብ ይሠራል፤ ችግሩ አንዱን ሐረግ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው መዳኘት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ከዚራ ላለነው ለምን ሐረር ብቻ? «ድሬዳዋ ከተማ»ን ሁለት ሳምንት ይዤው አልወጣልኝም።

የያዘሽ «ሬ» ናት። ድ፣ ሬ፣ ዳ፣ ዋ፣ ከ፣ ተ፣ ማ ውስጥ ከ«ድሬ» በቀር «ሬ»ን የምታወጣ ቃል እኔም አላገኘሁም። «ዛሬ»፣ «በሬ»፣ «ፍሬ»፣ «ወሬ» የሚሉትን አስቢ፤ የሁሉም የፊት ፊደል በቋቱ የለም። ስለዚህ ሐረጉን ትንሽ ለውጪውና «በድሬዳዋ ከተማ» በዪው፤ «በ» ስትገባ «በሬ» ትወጣለች፤ ድ፣ ዳ፣ ዋ፣ ከ፣ ተ፣ ማ ይቀራሉ። ከእነዚህ «ተከዳ» ይወጣል፣ «ማ» ደግሞ ከ«በሬ» ጋር ትሄዳለች፤ «በሬማ ተከዳ» እስከሚለው ደርሻለሁ። «ድ» እና «ዋ» ግን ቀርተዋል። «ዋ!» ለማስጠንቀቂያ ብቻዋን ትቆማለች ብንል እንኳ «ድ» መጠጊያ የላትም። «ተከዳ»ን መልሼ «ዳማ»ን በማውጣት ስሞክር ደግሞ ድ፣ ዋ፣ ከ፣ ተ ይቀሩብኛል። ቁርጥራጮቹ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ ከእኔ ቀድመሽ ካገኘሽው ላኪልኝ።