ውጭ አገር ቅዳሴ ከመሄዳችሁ በፊት በሩን እወቁት

ልጆች፣ እኔ ያለሁበት ለገጣፎ ቪዛ የተመታለት ወጣት በዝቷል። ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ሻንጣው ስንት ኪሎ ይሁን፣ በርበሬ ያሳልፋሉ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማኅበር እንዴት እንደሚያገኙ ስጠይቃቸው ግን «ጎግል አለ» ብለው ያልፉታል። አለ። ችግሩ እዚያ የምታገኙት አድራሻ ብዙ ጊዜ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አይደለም።

ዕድሜዬን ፖስታ ቤት ስለሠራሁ ይሄ አይደንቀኝም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይዞ የመሥሪያ ቤቱን በር የሚያገኝ የለም። ውጭም እንደዚያው ነው። ማኅበር ሲመዘገብ ደብዳቤ የሚቀበልበት አድራሻ ይሰጣል። የራሱ ሕንፃ ከሌለው የሊቀመንበሩን ወይም የጸሐፊውን ቤት ያስመዘግባል። እንግሊዝ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። እዚያ ላይ ማኅበሩ መኖሩን ታረጋግጣላችሁ እንጂ እሁድ የት እንደሚገናኝ አታውቁም።

የጎረቤቴ ልጅ ለማስተርስ ጀርመን ልትሄድ ስትል አብረን ፈለግን። የማኅበሩን ድረ ገጽ አገኘን። የጀርመን ድረ ገጾች «ኢምፕረሱም» የሚባል ገጽ አላቸው፤ ኃላፊው ማን እንደሆነና አድራሻው የሚጻፍበት ነው። አድራሻውን ካርታ ላይ ስናየው ተራ የመኖሪያ ፎቅ ሆነ። ካርታው ራሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን ሌላ ሰፈር ላይ ምልክት አድርጎበታል። ሁለት አድራሻ፣ አንድ ማኅበር።

ከዚያ ፌስቡክ ገጻቸውን ከፈትን። እዚህ ላይ ከጽሑፉ ይልቅ ፎቶው ነው የሚናገረው። ነጠላ ከለበሱት ምእመናን ጀርባ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበርና ትልቅ ኦርጋን ይታያል። ያ የእኛ ሳይሆን በኪራይ ወይም በትብብር የሚጠቀሙበት የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ ፎቶ ላይ የባለቤቶቹ ስም በር ላይ ተጽፎ ይነበባል። ይሄ ትልቅ ግኝት ነው፤ ምክንያቱም ውጭ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የእነሱን እንጂ የእኛን ደብር ስም ላይይዝ ይችላል። «ኪዳነ ምሕረት» የሚል ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይመለሳል።

ፎቶው የቆየ ስለነበር ያው ቦታ ላይ እንዳሉ እርግጠኛ አልሆንም። ስለዚህ ልጅቷ በማኅበሩ የቴሌግራም ቁጥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የፊታችን እሁድ ቅዳሴ አለ? የሕንፃውን የመንገድ ስም፣ ቁጥርና ፖስታ ኮድ ቢልኩልኝ። በየትኛው በር ነው የሚገባው? በፈረንጅ ሰዓት በስንት ይጀምራል?» እኛ ሰፈር «ታክሲ ማዞሪያው ጋ ስትደርሺ ደውዪ» ይበቃል። እዚያ ግን መንገድና ቁጥር ያስፈልጋል።

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ ነኝ ያስጨመርኳት። ውጭ ያለ ሐበሻ አንዳንዱ በእኛ ሰዓት ይናገራል፣ አንዳንዱ በፈረንጅ። «1 ሰዓት ላይ ይጀምራል» ከተባላችሁ ከጠዋቱ 7፡00 ነው ወይስ ከቀኑ 13፡00? ቦታውን በትክክል አግኝታችሁ ባዶ አዳራሽ የምትገቡት በዚህ ነው። ቀኑንም አስረግጡ። በዓል ሥራ ቀን ላይ ሲውል ብዙ ቦታ ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይገፋል። የእኛ ፋሲካም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር አይገጥምም።

መልሱ መጣ። ሕንፃው ያው ነው፣ መግቢያው ግን በጎን በኩል ባለው ግቢ ነው። ቄሱ ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ ቅዳሴ ያለው በወሩ ሁለተኛና አራተኛ እሁድ ብቻ ነው። ልጅቷ የምትገባው በሦስተኛው እሁድ ዋዜማ ነበር። ሳትጠይቅ ብትሄድ ኖሮ የምታገኘው ጀርመኖቹን ነው።

ለፕሮቴስታንት ልጆቻችንም ያው ነው። አዳራሹ የሌላ ሲሆን የእኛዎቹ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይውላል። ሙስሊሞች በዚህ ይቀላቸዋል፤ ለጁምዓ ቅርብ ያለ መስጊድ ይበቃቸዋል። የኢትዮጵያውያን ማኅበሩን ስብሰባ ግን እነሱም መጠየቅ አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ገና ያላያችሁት ሰው ቦታውን ሲነግራችሁ አብሮ የፓስፖርት ፎቶ ወይም «የአባልነት» ብር ከጠየቀ ተዉት። ለቅዳሴ የሚመጣን ሰው ፓስፖርት የሚፈልግ ደብር አላውቅም።

ማኅበሩ ካልመለሰ የሕንፃውን ባለቤቶች ጠይቁ። የደብሩ ጽሕፈት ቤት በሥራ ቀን ስልክ ያነሳል፣ ኢሜይልም ያነባል። በአጭር እንግሊዝኛ «ኢትዮጵያውያኑ አሁንም እናንተ ጋ ይጠቀማሉ? መቼ መቼ?» በሏቸው። ቁልፉን የሚሰጡት እነሱ ስለሆኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ያውቁታል፤ ከለቀቁም ወዴት እንደሄዱ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።