ሦስት ሰዓት የተንተከተከ ወጥ እንዴት ያሳምማል?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። ቅዳሜ የአያቴ ተዝካር ነበር፣ ዓርብ ማታ በጎላ የበሬ ወጥ ሠርተን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተንተከተከ። ሌሊቱን እዛው ጎላው ውስጥ ተከድኖ አደረ፣ ጠዋት አሙቀን 7 ሰዓት ላይ በላን። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ግማሹ ሰው ሆዱን ይዞ ተነሳ፣ ቁርጠትና እንደ ውሃ የሆነ ተቅማጥ፣ ትውከትም ትኩሳትም የለም። ወጡ ምንም አልሸተተም። አሁን ሁላችንም ተሽሎናል፣ የ70 ዓመቷ እናቴ ብቻ ደክሟታል። ሰዉ በሬው ታሞ ነው የታረደው እያለ ነው። ያን ያህል የፈላ ነገር ውስጥ ጀርም ይኖራል? በቅርቡ ደግሞ ሰንበቴ አለብን፣ አብዝተን ብናፈላው ይበቃል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። መጀመሪያ እናትሽ። ሽንቷ ከቀነሰ፣ ስትነሳ ካዞራት፣ ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም እስካሁን ካልቆመላት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ በሷ ዕድሜ ፈሳሽ ማለቅ ኩላሊት ይጎዳል። እስከዛው ኦ አር ኤስ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ። ከፋርማሲ ሲፕሮና ሜትሮኒዳዞል እየገዛችሁ እንዳትሰጧት፣ ይሄ ዓይነቱ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ በራሱ ነው የሚቆመው፣ አንቲባዮቲክ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ወጡ። ሰገራው ላቦራቶሪ ሳይገባ መቶ በመቶ እንዲህ ነው ማለት አልችልም፣ ግን ሰዓቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ከበላችሁ 11 ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ሰው ባንዴ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ብቻ፣ በጎላ ተሠርቶ ያደረ የሥጋ ወጥ፤ ይሄ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የምትባል ባክቴሪያ መልክ ነው። ከበሉ በኋላ ባንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ትውከት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጠረጥረው። ስለዚህ ሥጋ ሻጩን ባትወቅሱት ጥሩ ነው፣ ባክቴሪያዋ አፈር ውስጥና የጤነኛ ከብት አንጀት ውስጥ የምትኖር ናት፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በርበሬ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ከቢላ፣ ከየትም ጎላው ውስጥ ልትገባ ትችላለች። መግባቷ ችግር አይደለም፣ ሁላችንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንበላታለን። ችግሩ ሌሊቱን ያደረገችው ነገር ነው።

አፈር ውስጥ ኑሮ ከባድ ነው፣ ዛሬ ዝናብና የበሰበሰ ቅጠል አለ፣ ነገ ደረቅ ፀሐይ። እንደነዚህ ያሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያልቅባቸው አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ስፖር ይሆናሉ። እንዴት መሰለሽ፣ በደህናው ጊዜ ባክቴሪያዋ መሐል ለመሐል እኩል ተከፍላ ነው የምትባዛው፣ ሲቸግራት ግን መሐሉን ትታ ወደ አንዱ ጫፏ ጠጋ ብላ ግድግዳ ትሠራለች፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ክፍል ይሆናል፣ ሁለቱም የራሳቸው የዲኤንኤ ቅጂ አላቸው። ከዛ ትልቋ ክፍል ትንሿን ዙሪያዋን ከባ ትውጣታለች። ትንሿ ልክ እንደ ፅንስ ውስጥ ሆና እናትየው ወፍራም ግድግዳ ታለብሳታለች፣ በላዩ ላይ ደግሞ ድርብርብ የፕሮቲን ሽፋን። በመጨረሻ እናትየው ፈንድታ ትሞትና ስፖሯ ትወጣለች። ይሄ ሁሉ የሰዓታት ሥራ ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በደንብ በተጠናችው ባሲለስ ሰብቲለስ በምትባለው የአፈር ባክቴሪያ ላይ ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የወጣችው ስፖር አትበላም፣ አትባዛም፣ ዝም ብላ ለዓመታት ትቀመጣለች።

እና ፍላት ለምን አይገድላትም? ሰው ሽፋኑ ነው ይላል፣ ዋናው ግን እሱ አይደለም፣ ዋናው ውስጧ ደረቅ መሆኑ ነው። ሙቀት ተራ ባክቴሪያን የሚገድለው ፕሮቲኖቿን ከቅርፃቸው አውጥቶ ነው፣ የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል እንደሚጠጥረው። ፕሮቲን ከቅርፁ ለመውጣት ደግሞ ዙሪያው ውሃ ያስፈልገዋል። ስፖሯ ስትሠራ ከውስጧ ብዙው ውሃ ተመጥጦ ወጥቷል፣ በቦታው ዲፒኮሊኒክ አሲድ የሚባል ነገር ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ታጭቋል፣ ዲኤንኤዋም በትንንሽ ፕሮቲኖች ተጠቅልሏል። ስለዚህ ሙቀቱ ውስጧ ቢደርስም እዛ ያሉት ፕሮቲኖች እንደተቆለፉ ናቸው፣ የሚላወሱበት ውሃ የላቸውም። ከፐርፍሪንጀንስ ዝርያዎች ውስጥ ምግብ ላይ ችግር የሚፈጥሩት አንዳንዶቹ 100 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቆይተው እንኳ ከነሱ ስፖር የሚተርፍ አለ።

ለነገሩ እናንተ ጋ 100 ዲግሪም የለም። ውሃ 100 ላይ የሚፈላው ባህር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ወደ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሱሉልታ ከፍ ስለሚል 91 አካባቢ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ደግሞ እንጨት ብትጨምሩበትም ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዛ አያልፍም። ሐኪም ቤት ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ ስለሚያደርስ ነው ስፖር የሚገድለው፣ 15 ደቂቃና ከዛ በላይ። (የቴታነስ ባክቴሪያም ስፖር ሠሪ ናት፣ ምላጭና መርፌ አፍልቼዋለሁ ብሎ ጆሮ መብሳት ወይም እትብት መቁረጥ በፍጹም አይሆንም።)

አሁን የዓርብን ሌሊት አብረን እንየው። ሦስት ሰዓት ሲንተከተክ ተራዎቹ ባክቴሪያዎች በሙሉ አለቁ፣ ስፖሮቹ ቀሩ። ፍላቱ እንዲያውም ሦስት ነገር አደረገላቸው፦ ተፎካካሪ አጠፋላቸው፣ እሷ የምትጠላውን ኦክስጅን ከወጡ ውስጥ አስወጣላት፣ ደግሞ ሙቀት ራሱ ስፖርን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ነገር ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥም ስፖር እንዲነቃ ስንፈልግ ነው መጀመሪያ የምናሞቀው። ወጡ እየበረደ ከ54 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የነቃችው ስፖር ውሃ ጠጥታ፣ ሽፋኗን ጥላ፣ ተራ ባክቴሪያ ሆና መባዛት ትጀምራለች። 45 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ትሆናለች። በዚህ ሂሳብ አንዷ በሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ 256 ናት፣ በሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ሚሊዮን ታልፋለች።

ሱሉልታ ሌሊት ብርድ ነው ትዪኝ ይሆናል፣ ለጎላ ግን ብርዱ አይደርስም። እኔ አንድ ጊዜ ቤቴ ድግስ ነበርና 25 ሊትር የሚሆን ወጥ ከእሳት ከወረደ በኋላ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ከትቼ እየተነሳሁ አየሁት። ማታ 3 ሰዓት ላይ 90 ነበር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 41፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገና 30። ማጀቱ 15 ዲግሪ ነበር፣ እጄ እስኪደነዝዝ ይበርዳል፣ ወጡ ግን ሌሊቱን ለብዙ ሰዓት ለባክቴሪያዋ ልክ በሚመቻት ሙቀት ላይ ነበር። ከዛን ቀን ወዲህ ጎላ ተከድኖ ሲያድር ማየት አልወድም።

ጠዋት "አሙቀን" ያልሽው ደግሞ ጉዳዩን የጨረሰው ይመስለኛል። ትልቅ ጎላ ጠርዙ ተፍ ተፍ ሲል መሐሉ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያዋ በብዛት፣ በሕይወት፣ ወደ ሆዳችሁ ገባች። አንጀት ስትደርስ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል፦ እዛ ሁኔታው ሲለወጥባት እንደገና ስፖር መሥራት ትጀምራለች፣ መርዙንም የምትሠራው በዚሁ ጊዜ ነው፣ እናትየው ሴል ፈንድታ ስፖሯን ስትለቅ መርዙም አብሮ አንጀት ውስጥ ይፈሳል። ለዚህ ነው ከምሳ እስከ እኩለ ሌሊት የቆየባችሁ፣ መርዙ ወጡ ውስጥ ሳይሆን እናንተ ውስጥ ነው የተሠራው። ወጡ ያልሸተተውም አይገርምም፣ በሽታ የምታመጣው ባክቴሪያ የግድ ሽታ አታመጣም።

አብዝተን ብናፈላውስ ላልሽው፣ ማታ ስድስት ሰዓት ብታፈሉትም ወጡ ይሟሟል እንጂ ስፖሮቹ ሊተርፉ ይችላሉ። ይሄን መጀመሪያ ተቸግሮ ካወቁት አንዱ አየርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ቲንዳል ነው፣ በ1870ዎቹ (በፈረንጅ) ላቦራቶሪው ውስጥ አሮጌ ድርቆሽ ከገባ በኋላ ለሰዓታት ያፈላው ሁሉ ይበላሽበት ነበር። በኋላ ያገኘው መላ፣ ለአጭር ጊዜ ማፍላት፣ እስኪነቁ መተው፣ ነቅተው ተራ ባክቴሪያ ሲሆኑ ደግሞ ማፍላት፣ እንዲህ እየደጋገሙ። ግን ይሄን ለምግብ እንዳታስቡት፣ ሁሉም ስፖር ባንዴ አይነቃም፣ በመሐል ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ፍላት የማያጠፋው መርዝ አለ።

ለሰንበቴው የሚሠራው ሌላ ነው፣ ስፖሩን ለመግደል ሳይሆን የሚነቃበትን ሰዓት ለመንሳት ነው መሞከር ያለባችሁ። ከቻላችሁ የዛኑ ቀን ጠዋት ሥሩና ከእሳት እንደወረደ ይበላ፣ እስኪቀርብ በጣም ትኩስ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቆይ። ማደር ካለበት ጎላው ውስጥ አይደር። ከእሳት እንደወረደ በትሪና ጠፍጣፋ ድስቶች አራት ጣት በማይሞላ ውፍረት ከፋፍሉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀምጡና አማስሉት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እጅ ላይ ሙቀቱ የማይሰማ መሆን አለበት፣ ከዛ ፍሪጅ። የጎረቤት ፍሪጅም ለምኑ፣ አንዱ አይበቃም። ጠዋት ሲሞቅ ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ እስከ ታች እያማሰላችሁ መሐሉ እስኪንተከተክ፣ ይሄ የነቁትን ይገድላል።

ይሄን አንብበሽ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ማፍላት እንዳትተዪ። ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ የሚያመጡት ስፖር አይሠሩም፣ 91 ዲግሪም ይበቃቸዋል፣ እናንተ ከፍታ ላይ ግን መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከቅዳሜው ወጥ የተረፈ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ደግሞ ድፉት።