ሻይ ቅጠል በኪሎ ወይስ ቲ ባግ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

“ሱፐርማርኬት 25 ቲ ባግ ያለው ፓኬት 90 ብር ነው። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ደግሞ ሻይ ቅጠል ኪሎውን 800 ብር ይላል። 800 ብር ስሰማ ደንግጬ ሁሌ ቲ ባጉን ይዤ እመለሳለሁ። ልክ ነኝ?” (ከአዳማ)

እህቴ፣ ሁለቱን ዋጋ መጀመሪያ ወደ አንድ መለኪያ አምጫቸው። ፓኬቱን ገልብጠሽ የተጣራ ክብደቱን እዪ። አብዛኛው ቲ ባግ የሚይዘው 2 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 25ቱ በድምሩ 50 ግራም ይሆናሉ። 50 ግራም በ90 ብር ማለት ኪሎው 1,800 ብር ነው። ያስደነገጠሽ ሻይ ግማሹን እንኳ አያወጣም።

አሁን ወደ ብርጭቆ እንምጣ። አንድ ቲ ባግ 3 ብር ከ60 ነው፤ ነክረሽ ትጥይዋለሽ። በማንቆርቆሪያ 1 ሊትር ውሃ ስታፈዪ ግን ደህና ሻይ ቅጠል ከሆነ 10 ግራም ይበቃል። ያ 8 ብር ነው፤ ስምንት ብርጭቆ ይወጣዋል። ብርጭቆው በ1 ብር መጣ ማለት ነው። አንዱን ቲ ባግ ለሁለት ብርጭቆ የምትነክሪ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን አይጠፋም።

ቲ ባግ ግን ቦታ አለው። ቢሮ ለምትጠጪው፣ ሆስፒታል ለታማሚ ለምትወስጂው፣ ቤት ውስጥ ብቻሽን ከሆንሽ ለአንድ ኩባያ፣ ማጥለያ ከመፈለግ ይገላግላል። ለዚያ ስትገዢ እያንዳንዱ በየራሱ ፖስታ የታሸገውን ምረጪ፤ መዓዛው ይቆያል። አንዱን ቀደሽ ነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስም አትርሺ። ውስጡ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው። ደቃቅ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ቶሎ እንዲፈላ ተብሎ ነው። ነገር ግን ደቃቅ ሻይ አየር የሚነካው ገላው ብዙ ስለሆነ መዓዛውን ቶሎ ያጣል።

“ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ሻይ ቅጠል አለው፤ አንዱ 650፣ አንዱ 800 ብር። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የ150 ብሩ ልዩነት ከምን መጣ? ሳልገዛ በፊት እንዴት ልለይ?” (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከዓይን ጀምር። ትንሽ ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሰው። እኛ አገር በብዛት የምናገኘው ሻይ ቅጠል በማሽን ተፈጭቶና ተጠቅልሎ ፍሬ ፍሬ የሆነው ነው። በካፋ ውሽውሽ እና በኢሉባቦር ጉመሮ ከሚለማው አብዛኛው የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። ጥሩው ፍሬ እኩል እኩል መጠን አለው፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ እጅ ላይ ከበድ ይላል። ከመሃሉ ቀላ ያሉ፣ ጭራሮ የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች ካየህ የቅጠሉ እንጨት ናቸው። ጥቂት ቢኖሩ ችግር የለውም። ከበዙ ግን ቀለምም ጣዕምም የማይሰጥ ነገር በሻይ ዋጋ እየገዛህ ነው። ወረቀቱን ቀስ ብለህ አዘንብለው። ፍሬው ሲንከባለል ወደኋላ የሚቀረው ብናኝ ብዙ ከሆነ ወይ የከረጢቱ ስር ደርሶሃል፣ ወይ ተቀላቅሏል።

ቀጥሎ ጣት። ሁለት ሦስት ፍሬ በጥፍርህ ጫን። ደረቅ ሻይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ልፍስፍስ ካለ እርጥበት ገብቶበታል። ደህና ተደርጎ በደረቀ ሻይ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከመቶ 3 ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ከርሞ ወደ 10 ከደረሰ፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ 70 ግራም ያህል ውሃ ገዛህ ማለት ነው። የ800 ብሩ ከሆነ 56 ብር ለውሃ ከፈልክ። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለ ሻይ ቤት ሲደርስ ይሻግታል።

ከሁሉም በላይ የማምነው ግን አፍንጫን ነው። ደረቅ ሻይ ቅጠልን እንዲያው ብታሸትተው ብዙ አይነግርህም። አንድ እፍኝ ያዝ፣ ጨበጥ አድርገው። በአውራ ጣትህ በኩል ባለው ቀዳዳ ሞቅ ያለ ትንፋሽህን እፍ በልበት፤ ወዲያው አሽትት። ሙቀቱና እርጥበቱ የተኛውን መዓዛ ያስነሳዋል። የሻይ ቀማሾችም እንዲህ ያደርጋሉ። ጥሩ ጥቁር ሻይ ወደ ብቅል የሚያደላ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የከረመው ወረቀት ወረቀት ወይም ገለባ ይሸታል። ሻጋታ፣ ጭስ፣ ሳሙና ወይም በርበሬ ከሸተተህ ተወው። ሻይ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ አንዴ ከሳበ ደግሞ ማፍላት አያስለቅቀውም። ክፍት ከረጢት ከሳሙና ካርቶን ጎን ካየሁ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካልለየህ ከሁለቱም 50፣ 50 ግራም አስመዝን። ቤት ውስጥ እያንዳንዱን 10 እኩል ክምር ላይ ክፈለው፤ አንዱ ክምር 5 ግራም ነው። ሁለት ተመሳሳይ ኩባያ አቅርብ። በየአንዳንዱ አንድ ክምር አድርግና የፈላ ውሃ 250 ሚሊ ሊትር ጨምርበት። ክደንና 5 ደቂቃ ጠብቅ። አጥልለህ ስኳር ሳትጨምር ቅመስ። ቅመምም አይግባበት። ቀረፋና ቅርንፉድ የደከመ ሻይን ይሸፍናሉና ፈተናውን ያበላሹብሃል።

ስትቀምስ ጥቁረቱን አትመን። የጥሩው ውሃ ቀይ ሆኖ ያበራል፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ብታነሳው ጥርት ይላል። የደከመው ቡናማ ሆኖ ይደበዝዛል። አፍህ ውስጥ ጥሩው ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል። መጥፎው ወይ ውሃ ውሃ ይላል፣ ወይ መራራ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ሂሳቡ። የ800 ብሩ ለ1 ሊትር 10 ግራም ከበቃው 8 ብር ነው። የ650ው ያንኑ ቀለምና ጣዕም ለመስጠት 14 ግራም ከጠየቀህ 9 ብር ከ10 ይመጣል። ርካሹ ተወደደ። ድንበሩ 12 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚበቃህ ከሆነ የ650ውን በደስታ ግዛ። ተገቢ ዋጋ የምለው ይህን ነው፤ ኪሎውን ሳይሆን ያንኑ ብርጭቆ ስንት እንደሚያስወጣህ።

“የኛ ሰፈር ሱቅ ሚዛን የለውም። በስኒ ሰፍሮ ነው የሚሸጠው። እየተበላሁ ነው?” (ከደሴ)

ባለሱቁ ባያጭበረብርዎትም ስኒው ራሱ አይታመንም። ደቃቁ ፍሬ ጠቅጠቅ ብሎ ይሞላል፤ ተለቅ ያለውና የተጠቀለለው ቅጠል በመሃሉ አየር ይይዛል። በአንድ ስኒ ልክ የሁለቱ ክብደት በጣም ይለያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ሚዛን ያለው ቦታ ወስደው ስኒዎ ስንት ግራም እንደሚይዝ ያስመዝኑ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ለዚያ ያካፍሉት። ሻዩን ከቀየሩ ግን እንደገና ማስመዘን አለብዎት።

“ያፈላሁት ሻይ ሲቀዘቅዝ ደፈረሰ። ወተት የነካው ይመስላል። የሆነ ነገር ቀላቅለውበታል እንዴ?” (ከባሕር ዳር)

አይዞሽ፣ ምንም አልቀላቀሉበትም። እንዲያውም ደስ ይበልሽ። ሻዩን ቀይ የሚያደርጉት ንጥረ ነገሮችና ካፌይኑ ውሃው ሲበርድ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ያን ጊዜ ይደፈርሳል። የሚሆነው ጠንካራና ጥሩ ሻይ ላይ ነው። የደከመ ሻይ ቢበርድም ጥርት እንዳለ ይቆያል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ መልሰሽ አሙቂው። ከጠራ ነገሩ ይኸው ነው። ሞቆም ካልጠራ ማጥለያሽን ወይም ውሃሽን ፈትሺ።

“ቀለም የተቀባ ሻይ አለ ሲሉ ሰማሁ። በቤት ውስጥ የሚታወቅበት መንገድ አለ?” (ከጅማ)

አለ። ተጠቅመው የጣሉትን ሻይ አድርቀውና ቀለም ቀብተው እንደገና የሚሸጡ በየአገሩ ተይዘዋል። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርገህ በትንበትና አትንካው። ደህናው ሻይ ቀለሙን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ገና ውሃውን ሲነካ ቀለሙ እንደ ክር እየተፈታ ከወረደ ጠርጥር። ሌላው፣ ነጭ ሶፍት አርጥበህ ጥቂት ፍሬ አስቀምጥበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፍሬውን አራግፈህ ሶፍቱን በቧንቧ ውሃ አለቅልቀውና ብርሃን ላይ እየው። ደማቅ ነጠብጣብ ከቀረ ያን ሻይ አትጠጣው። በጣም ደቃቅ ሻይ ግን ደህና ሆኖም ትንሽ ቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ የምታምነውን ሻይ ጎን ለጎን አድርገህ አወዳድር።

“ዱባይ ነው የምኖረው። የሲሎን ሻይ ፓኬት ላይ ‘ኦፒ’ እና ‘ቢኦፒ’ የሚል ፊደል አለ። ኦፒው ይወደዳል። ይሻላል ማለት ነው?” (ከዱባይ)

ፊደሎቹ የሚናገሩት የቅጠሉን መጠን ነው። ኦፒ ረዘም ያለ ያልተሰበረ ቅጠል ነው፤ ቢኦፒ የተሰበረው። ቢኦፒኤፍ ከዚያም ይደቅቃል። ከሁሉም መጨረሻ ‘ደስት’ የሚሉት ብናኝ አለ። በእያንዳንዱ መጠን ጥሩም መጥፎም ይገኛል። አንቺ ሻይሽን እንደኛ በቅመም አፍልተሽ የምትጠጪ ከሆነ ለኦፒ አትክፈዪ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው፣ ቀለሙም ሳሳ ይላል። ቢኦፒ ይበቃሻል። ከደጋው ይልቅ ከቆላው የስሪላንካ ክፍል የመጣው ጠቆርና ጠንከር ይላል፤ ለቅመም ሻይ እሱ ይስማማል። የሲሎን ስም ብዙዎች ይለጥፉታል። ፓኬቱ ላይ ሰይፍ የያዘው የአንበሳ ምልክት ካለ ግን ሻዩ ሙሉ በሙሉ የስሪላንካ ነው፤ የታሸገውም እዚያው ነው።

“በኪሎ ከገዛሁት ግማሹ ሳይጠጣ መዓዛው ይሄዳል። ቅመሙን አብሬ ብቀላቅለው ይቆያል?” (ከመቀሌ)

አይቆይም፤ ይልቅ ሄሉና ቅርንፉዱ ሻዩን ያለብሱትና የሻዩን መክረም ማወቅ ያቅትዎታል። ቅመሙን ለብቻው ያስቀምጡና ሲያፈሉ ይጨምሩ። ሻዩ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ጣሳ ይሁን፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው የሚያሳይ ጠርሙስ አይሁን። ከምድጃ ይራቅ። የረጠበ ማንኪያም አይግባበት። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ኪሎ አይግዙ። በቀን 10 ግራም የሚያፈላ ቤት 250 ግራም 25 ቀን ያቆየዋል፤ በየወሩ እሱን ያህል እያስመዘኑ ይውሰዱ።