ግሱ የት ይቀመጥ? የጀርመንኛ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ግስ ቦታ ናቸው። የጀርመንኛ ቃላቱን በፊደላችን እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ።

«መምህሬ ግስ ሁለተኛ ነው ትላለች። ‹ማይን ክላይነር ብሩደር ቮንት ሂር› የሚል አነበብኩ። ግሱ አራተኛ ነው እኮ!»

መምህርሽ ልክ ናት። የሚቆጠረው ቃል ሳይሆን ቦታ ነው። «ማይን ክላይነር ብሩደር» ማለት «ታናሽ ወንድሜ» ነው። ሦስት ቃል ቢሆንም የያዘው አንድ ቦታ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሦስቱን በአንድ ቃል ተኪያቸው፦ «ኤር ቮንት ሂር»፣ «እሱ እዚህ ይኖራል»። ከተተኩ አንድ ቦታ ናቸው፤ ግሱም ሁለተኛ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ የግድ የባለቤቱ አይደለም። «ሆይተ»፣ ማለትም «ዛሬ»፣ ፊት ከመጣ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይሄዳል፦ «ሆይተ አርባይተ ኢኽ ኒኽት»፣ «ዛሬ አልሠራም»። «ሆይተ ኢኽ አርባይተ» ካልሽ ግን ከግሱ ፊት ሁለት ነገር አስቀመጥሽ። ስህተቱ እሱ ነው።

«‹ምክንያቱም› ለማለት ሁልጊዜ ቫይል እጽፋለሁ፤ ሁልጊዜም በቀይ ይሰመርብኛል። ዴን የሚባልም አለ አሉ። ልዩነቱ ምንድነው?»

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ። ማታ ማታ የማስተምራቸው ሀበሾች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ስህተቱ ደግሞ ከአማርኛ የመጣ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤት «ቢኮዝ»ን ተምረናል፤ ከኋላው የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ቅርጹን አይለውጥም። ቫይልን ስናገኝ በቢኮዝ ቦታ እንተካዋለን፤ ግሱም ያለ ቦታው ይቀራል።

እንግሊዝኛውን እንርሳውና በአማርኛ እናስብ። ለአንድ ሐሳብ ሁለት መንገድ አለን። አንዱ፦ «ትናንት አልመጣሁም፤ ምክንያቱም ልጄ ታሞ ነበር»። ሌላው፦ «ልጄ ታሞ ስለነበር ትናንት አልመጣሁም»። በመጀመሪያው «ልጄ ታሞ ነበር» ብቻውን ይቆማል። «ምክንያቱም»ን ብታወጣው ምንም አይጎድለውም። በሁለተኛው ግን «ስለ» ግሱ ላይ ተጣብቋል። «ልጄ ታሞ ስለነበር» ብለህ ዝም ብትል ሰሚህ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይልሃል። ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የሚባለው ይህ ነው።

ጀርመንኛም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። ዴን እንደ «ምክንያቱም» ነው። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮችን ያገናኛል፤ እሱ ራሱ ቦታ አይቆጠርለትም፦

«ኢኽ ቢን ጌስተርን ኒኽት ገኮመን፣ ዴን ማይን ዞን ቫር ክራንክ።»

ከዴን በኋላ ቁጥሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። «ማይን ዞን» (ልጄ) አንደኛ፣ «ቫር» (ነበር) ሁለተኛ። ኡንት፣ አበር፣ ኦደርና ዞንደርንም እንደዚሁ ናቸው። አምስቱን በቃላችሁ ያዟቸው፤ ከኋላቸው ዋና ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ቅርጹን አይነኩትም።

ቫይል ደግሞ እንደ «ስለ» ነው። ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፦

«ኢኽ ቢን ጌስተርን ኒኽት ገኮመን፣ ቫይል ማይን ዞን ክራንክ ቫር።»

«ክራንክ ቫር» የሚለውን «ታሞ ስለነበር» ከሚለው ጋር አስተያዩት። ግሱ ማለቂያው ላይ ነው፤ ልክ እንደኛ። ዳስ፣ ቬንና ኦብቮልም ግሱን እንዲሁ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል። ሀበሻ ተማሪ እዚህ ጋ ሊከብደው አይገባም፤ ግስን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ከሕፃንነቱ የለመደው ነው። አፉ «ስለ» ሲል ቫይል፣ «ምክንያቱም» ሲል ዴን ብሎ ይጀምር።

አሁን ጥገኛውን እንደ አማርኛው ፊት እናምጣው፦

«ቫይል ማይን ዞን ክራንክ ቫር፣ ቢን ኢኽ ኒኽት ገኮመን።»

የቫይል ዓረፍተ ነገር በሙሉ አንደኛውን ቦታ ያዘ። ስለዚህ ሁለተኛው የ«ቢን» ነው። ሁለቱ ግሶች በኮማ ተለያይተው ጎን ለጎን ቆሙ፦ «ቫር፣ ቢን»። ብዙ ሰው ይህ ስህተት ይመስለውና «ኢኽ ቢን» ብሎ ይመልሰዋል። ተዉት፤ ልክ ነው። እንዲያውም ጽሑፋችሁን ስታርሙ ከኮማው ግራና ቀኝ ግስ መኖሩን ፈልጉ።

አንድ ገደብ አለ። «ለምን አልመጣህም?» ስትባል በ«ምክንያቱም» መመለስ ትችላለህ። በዴን ግን አይቻልም፤ «ቫይል ማይን ዞን ክራንክ ቫር» ነው የሚባለው። የዴን ዓረፍተ ነገርም ፊት አይመጣም። ዴን በጽሑፍ ይበዛል፤ በንግግር በብዛት የምትሰማው ቫይልን ነው።

«ጀርመኖቹ ራሳቸው በቫይል ግሱን ሁለተኛ ያደርጋሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኔ ለምን እታረማለሁ?»

በትክክል ሰምተሃል። በንግግር ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቫይል በኋላ ትንሽ ቆም ይላሉ። በተለይ የነገሩን መንስኤ ሳይሆን «እንዴት አወቅኩ» የሚለውን ሲያስረዱ ይመጣል፦ «ኤር ኢስት ጹ ሃውዘ፣ ቫይል፣ ዳስ ሊኽት ኢስት አን»። «ቤት ነው፤ መብራቱ በርቷላ» እንደማለት ነው። ሰውየው ቤት የሆነው መብራት ስለበራ አይደለም፤ ተናጋሪው ያወቀው በመብራቱ ነው። በጽሑፍና በፈተና ግን እንደ ስህተት ይቆጠራል። ስትሰማ ተረዳው፤ ስትጽፍ ግሱን መጨረሻ አድርገው።

«ዴስሃልብም እኮ ያያይዛል። ለምን እንደ ኡንት አይሆንም?»

ዴስሃልብ፣ ማለትም «ስለዚህ»፣ ተውሳከ ግስ ነው፤ ቦታ ይይዛል። ማስረጃው መንቀሳቀሱ ነው። «ዴስሃልብ ኮመ ኢኽ ኒኽት» ትላለህ፤ «ኢኽ ኮመ ዴስሃልብ ኒኽት»ም ትላለህ። ኡንትን እንዲህ መሃል ማስገባት አትችልም። ትሮትስዴምና ዳንም እንደ ዴስሃልብ ናቸው።

«ከቫይል በኋላ ሁለት ግስ ካለ የቱ ነው መጨረሻ የሚሆነው?»

በባለቤቱ የሚረባው፦ «ቫይል ኢኽ አርባይተን ሙስ»፣ «መሥራት ስላለብኝ»። «ቫይል ኢኽ ኒኽት ሃበ ኮመን ኮነን» ዓይነቱ፣ ረዳት ግሱ ከሁለቱ ፊት የሚቀድምበት፣ አለ፤ ለእሱ ገና ጊዜ አለህ። ሲደርስ መምህርህን ጠይቅ።

«ባለቤቴ ጀርመን ነው። የኤ1 ፈተና አለብኝ። የግስ ቦታ ብሳሳት ቪዛ እከለከላለሁ?»

እህቴ፣ በሁለት እንክፈለው። የጎተ ኤ1 ፈተና ማለፊያው ከ100 60 ነጥብ ነው። ጽሑፉ ቅጽ መሙላትና 30 ቃል ገደማ የሆነች አጭር መልእክት ነው። አንድ ግስ ያለ ቦታው ስለተቀመጠ ብቻ አትወድቂም። ለዚህ ደረጃ ግስን ሁለተኛ ማድረግና በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ጥያቄን በግስ መጀመር ላይ በርቺ።

ቪዛው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሚወስነው ኤምባሲው ነው፤ ሰነዱን፣ ከፈተናው ነፃ የሚሆነውን ሰው፣ የምስክር ወረቀቱን ዕድሜ የሚነግርሽ እሱ ነው። እኔን አትስሚ፣ ጎረቤት አትስሚ፣ ደላላ ደግሞ በፍጹም አትስሚ። ለፈተናው ከመክፈልሽ በፊት የኤምባሲውን መመሪያ አንብቢ፤ ያልገባሽን በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ይህን አደራ እልሻለሁ።

«ከኡንት በፊት ኮማ አለ?»

በሁለት ዋና ዓረፍተ ነገሮች መካከል ከሆነ እንደ ፍላጎትህ ነው፤ ከአበር፣ ከዴንና ከዞንደርን በፊት ግን የግድ ነው።